ከሜኑ የተደበቀ ቁጥር ሁሉ የዕይታ ቁጥር አይደለም

«ሜኑው ላይ ያለው ከፍተኛ ደረጃ የጨዋታው ጣሪያ አይደለም። የቅንብር ፋይሉን ከፍተህ ቁጥሮቹን ከፍ አድርጋቸው፤ በቃ።»

ይህ ምክር በኮምፒውተር ጨዋታ አፍቃሪዎች ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ዓመታት ሆኖታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። የምከራከረው ከሁለተኛው ጋር ነው። በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መስመሮች ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። አንደኛው ስክሪኑ ላይ የሚሳለውን ብቻ ይለውጣል፤ ሌላኛው የጨዋታው ዓለም የሚንቀሳቀስበትን መንገድ ይለውጣል። ሲታዩ ግን መንታ ናቸው፤ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ቁጥር። ማን ምን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

ይህን ለማሳየት ከስካይሪም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጨዋታው በ2011 ወጣ፤ ስፔሻል ኤዲሽን የተባለው የታደሰ እትም ደግሞ በ2016። ቅንብሩ Documents ውስጥ ባለው My Games\Skyrim Special Edition ፎልደር በሁለት ፋይሎች ተቀምጧል፤ Skyrim.ini እና SkyrimPrefs.ini። ሁለቱም በኖትፓድ የሚከፈቱ ተራ ጽሑፎች ናቸው። ሜኑው ላይ የሚነካው በአብዛኛው በሁለተኛው ውስጥ ይጻፋል። የመጀመሪያው ግን ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገው መስመር ጭራሽ ላይኖርበት ይችላል፤ ነባሪው ቁጥር በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ነውና መስመሩን ራሱ ጽፎ ማስገባት ይኖርበታል።

ብዙዎች Skyrim.ini ውስጥ በቅድሚያ የሚጽፉት መስመር ይህ ነው።

```
[General]
uGridsToLoad=5
uExterior Cell Buffer=36
```

«የዕይታ ርቀት ነው፣ 7 ወይም 9 አድርገው» ይባላል። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል። የስካይሪም ምድር በእኩል አራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ የአንዱ ክፍል ጎን በጨዋታው መለኪያ 4096፣ ወደ ሜትር ሲመለስ 58 ሜትር ተኩል ያህል ነው። uGridsToLoad ተጫዋቹ የቆመበትን ክፍል መሐል አድርጎ በዙሪያው ስንት በስንት ክፍል ሙሉ በሙሉ ሕያው ይሁን የሚለውን ይወስናል። 5 ሲሆን አምስት በአምስት፣ ማለትም 25 ክፍል ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነውም የተጫዋቹ ክፍል መሐል መሆን ስላለበት ነው።

«ሕያው» ስል መሳልን ብቻ ማለቴ አይደለም። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ሰዎች ይራመዳሉ፣ ተኩላዎች ያድናሉ፣ ዕቃዎች ክብደት ይኖራቸዋል፣ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሱ ስክሪፕቶች ይነሣሉ። ከዚያ ውጭ ያለው ተራራና ደን ከሩቅ የሚታይ ቀለል ያለ ቅጂ ነው፤ ማንም አይኖርበትም።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ቁጥሩን ከ5 ወደ 7 ማድረግ በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ክፍል፣ ማለትም 58 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሕያዋኑ ክፍሎች ግን ከ25 ወደ 49 ያድጋሉ፤ እጥፍ ሊሆኑ አንድ ብቻ ይቀራቸዋል። 9 ሲሆን 117 ሜትር ለመጨመር 81 ክፍል መሸከም ይመጣል። ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ኪሎ ሜትሮችን ለሚመለከት ሰው ይህ ጭማሪ እግሩ ሥር ያለ ነገር ነው። አድማሱ አልተነካም።

ጉዳቱ ግን ኮምፒውተሩ መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ጨዋታው የተሠራው ክስተቶች ተጫዋቹ የተወሰነ ርቀት ሲደርስ እንዲጀምሩ ታስቦ ነው። ክልሉ ሲሰፋ ክስተቱ ቀድሞ ይጀምራል። መንገድ ላይ ሊያገኘው የታሰበው ጠብ እሱ ሳይደርስ አልቆ ሬሳ ብቻ ያገኛል። ሊያናግረው የሚገባ መንገደኛ ከዓይኑ ውጭ ሳለ በአውሬ ተበልቶ ይሞታል። ተጫዋቹ ይህን እንደ ጨዋታው ጉድለት ይቆጥረዋል እንጂ ከሁለት ሳምንት በፊት ከጻፋት አንዲት ቁጥር ጋር አያገናኘውም።

ከሁሉ የሚከፋው መመለሱ ነው። በ7 እየተጫወተ ያስቀመጠው ሴቭ በ7 የተዘረጋውን ዓለም ሁኔታ ይዟል። ፋይሉን ወደ 5 መልሶ ያንኑ ሴቭ ሲከፍት ጨዋታው በመጫን ላይ ሳለ ድርግም ብሎ ይዘጋል። የአርባ ሰዓት ጨዋታ የዚያች ቁጥር እስረኛ ሆነ ማለት ነው። መሞከር የግድ ከሆነ ከመሞከሩ በፊት Saves ፎልደሩን ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ሙከራውም ያለቀለት እስኪሆን በዚያ ላይ አዲስ ነገር አለማስቀመጥ ይገባል። ሁለተኛውን መስመርም መርሳት አይቻልም፤ 36 የተገኘው አምስት ላይ አንድ ተደምሮ በራሱ ሲባዛ ነው፣ ስለዚህ ለ7 የሚሆነው 64 ነው።

ታዲያ አድማሱን ማራቅ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? የሚፈልገው በሌላኛው ፋይል፣ በ[TerrainManager] ርዕስ ሥር ነው። fBlockLevel0Distance፣ fBlockMaximumDistance እና fTreeLoadDistance የሚባሉት መስመሮች ያ ማንም የማይኖርበት የሩቅ ቅጂ እስከ ምን ድረስ በዝርዝር እንደሚሳል ይወስናሉ። ከፍ ሲሉ ግራፊክስ ካርዱን ያደክማሉ፣ ሲመለሱ ይመለሳል፤ ሴቩ ውስጥ ምንም አይተዉም። «የዕይታ ርቀት» የሚለው ስም የሚገባቸው እነዚህ ነበሩ።

ሣሩ ደግሞ በደስታ የምነካው ነገር ነው፤ ጨዋታው የሣሩን ርቀት የሚያስተካክል መንሸራተቻ ሜኑው ላይ ሰጥቶ ጥግግቱን ግን ደብቋል። በመካከለኛ ኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው የበለጠ የሚጠቅመው የተደበቀው ነው፤ የሚጻፈውም Skyrim.ini ውስጥ ነው።

```
[Grass]
iMinGrassSize=60
iMaxGrassTypesPerTexure=2
```

የመጀመሪያው መስመር ነባሪ ቁጥሩ 20 ነው። ስሙ የሣሩን መጠን የሚናገር ይመስላል፤ የሚወስነው ግን በአንዱ የሣር ቁጥቋጦና በሌላው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ስለዚህ የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሣሩ ይሳሳል። ክፍተቱ በርዝመትም በወርድም ስለሚሰፋ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ሣሩን በግምት ወደ ሩብ ያወርደዋል። «ቁጥሮቹን ከፍ አድርጋቸው» የሚለውን ምክር የተከተለ ሰው ለምለም ሜዳ ጠብቆ መላጣ ሜዳ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን መስመር ልብ ብሎ ማንበብ ይገባል። የመጨረሻው ቃል አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጎድሎታል። ስህተቱ የሠሪዎቹ ነው፣ ጨዋታውም የሚያውቀው በዚሁ የተሳሳተ አጻጻፍ ብቻ ነው። አስቦ ያረመው ሰው መስመሩ ይሞትበታል፤ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። የቅንብር ፋይል ጠባዩ ይህ ነው። የማያውቀውን ስም ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ በተሳሳተ ርዕስ ሥር የተጻፈውንም እንዲሁ። አዲስ የሣር ሞድ ጭኖ «ምንም አልተለወጠም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከዚህ መስመር ነው፤ 2 ማለት በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ከሁለት በላይ የሣር ዓይነት አይበቅልም ማለት ነውና።

እንግዲህ ዝም ከሚል ፋይል ጋር መነጋገር የሚቻለው በማጋነን ነው። iMinGrassSizeን 150 አድርጎ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሴቭ መክፈት። ስሙና ርዕሱ በትክክል ተጽፈው ሣሩ ካልሳሳ ችግሩ ከቁጥሩ ሳይሆን ከፋይሉ ነው፤ ጨዋታው የሚያነበው ሌላ ቅጂ ነው። ሞድ ኦርጋናይዘርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱን የቅንብር ፋይል ስለሚይዙ Documents ውስጥ ያለው ቢለወጥም አይሰሙም። ዋንድራይቭ የ Documents ፎልደርን ወደ ራሱ ቦታ ያዛወረበት ኮምፒውተርም ላይ እንዲሁ ተጫዋቹ የተተወውን ቅጂ ሲያርም ይውላል።

ፋይሉ ትክክለኛው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሣሩ መነካት ይገባው እንደሆነ መለካት ነው። በዚያው ሜዳ ላይ በሰከንድ የሚሳለውን የፍሬም ቁጥር እያዩ ኮንሶሉን ከፍቶ tg መጻፍ በቂ ነው፤ ሣሩ በሙሉ ይጠፋል፣ እንደገና ሲጻፍ ይመለሳል። 41 የነበረው 58 ከሆነ ሣር በመቀነስ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ትርፍ 17 ፍሬም ነው። 41 የነበረው 43 ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ጥላ ወይም ሌላ ነገር ነው፤ ሜዳውን ማራቆት ከንቱ ነው። ይህን አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ሙከራ ሳያደርጉ የሌላን ሰው ፋይል እንዳለ መገልበጥን ልማድ ያደረጉ ብዙ ናቸው። ያ ፋይል የተጻፈው ለሌላ ካርድ፣ ለሌሎች ሞዶች ነው፤ ከመቶ መስመሮቹ መካከልም uGridsToLoad=7 ተሸጉጦ ሊመጣ ይችላል።

ሌላም እንዲህ ያለ መስመር አለ። SkyrimPrefs.ini ውስጥ iVSyncPresentInterval የሚባለውን 0 ማድረግ የ60 ፍሬም ገደቡን ያነሣል ተብሎ ይመከራል። ያነሣል። ነገር ግን የጨዋታው ፊዚክስ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፍሬሙ ጋር ነው፤ ከ60 አልፎ ሲሮጥ በሩን ከፍቶ የገባበት ቤት ውስጥ ሳህኑና ጽዋው ከጠረጴዛ ተስፈንጥሮ ሲወድቅ ይታያል። ይህም የስክሪን ጉዳይ መስሎ የዓለሙ ጉዳይ ሆኖ የተገኘ ነው።

እኔ ሠሪዎቹ እነዚህን መስመሮች ሁሉ ወደ ሜኑ ያውጡ አልልም። ፋይሉን መዝጋታቸውንም አልፈልግም፤ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ለዚህ ጨዋታ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶታል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በ .ini ፋይል ውስጥ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) የሚጀምር መስመር ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ሆኖ ይታለፋል፤ ጨዋታውን ቅንጣት አያዘገይም። ነባሪው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆን፣ ከሴቭ ጋር የሚቆራኝ መሆን አለመሆኑን የሚናገር አንድ ማስታወሻ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ መጻፍ ፕሮግራመሩ ከሚያውቀው ላይ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ግን ያንኑ ለማወቅ የሚከፍለው አርባ ሰዓት የተጫወተበትን ሴቭ ነው።