ውጤቱ እውነት ስለሆነ ብቻ ማረጋገጫው አይታለፍም

ከተማሪዎች እጅ የማይጠፋ አንድ የተባዛ የመልስ ወረቀት አለ፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጥያቄው የታወቀ ነው፦ A፣ B እና C የአንድ ጎነ ሦስት ዘዌዎች ከሆኑ cos A + cos B + cos C ≤ 3/2 መሆኑን አረጋግጡ ይላል። ወረቀቱም በሦስት መስመር ይገላገለዋል። f(x) = cos x ይሁን፤ f''(x) = −cos x ከዜሮ ያነሰ ስለሆነ ፈንክሽኑ ኮንኬቭ ነው፤ ስለዚህ በጄንሰን ኢ-እኩልነት መሠረት ድምሩ ከ3 cos 60°፣ ማለትም ከ3/2፣ አይበልጥም።

ውጤቱ እውነት ነው፤ ማረጋገጫው ግን ስሕተት ነው። −cos x ከዜሮ የሚያንሰው x ከ90 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው፤ የጎነ ሦስት ዘዌ ግን ከ90 ዲግሪ አልፎ እስከ 180 ሊጠጋ ይችላል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ምልክቱን ይቀይራል። በጣም የሚያበሳጨኝ፣ መድረሻው እውነት በመሆኑ መንገዱን መለስ ብሎ የሚፈትሽ ሰው መጥፋቱ ነው። አንዲት ተማሪዬ ከ90 ዲግሪ የሚበልጥ ዘዌ ያለውን ጎነ ሦስት ለብቻው አውጥታ ብትሠራ፣ አራሚው «አላስፈላጊ ማርዘም» ብሎ ነጥብ ቀነሰባት። በዚያ ወረቀት ላይ በትክክል ያሰበችው እርሷ ነበረች።

የሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ምልክት ስለ ፈንክሽኑ ዋጋዎች የሚነግረን ለምን እንደሆነ ቢብራራ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሁለት ነጥቦች x < y እንውሰድ፤ መካከላቸው m፣ ከm እስከ እያንዳንዳቸው ያለው ርቀት h ይሁን። በሚን ቫልዩ ቲዎረም f(m) − f(x) = h·f'(c) የሚሆንበት c ከx እና ከm መካከል አለ፤ f(y) − f(m) = h·f'(d) የሚሆንበት d ደግሞ ከm እና ከy መካከል አለ። ከx እስከ y ባለው ሁሉ f'' ከዜሮ የማይበልጥ ከሆነ f' አያድግም፤ d ከc በስተቀኝ ስለሆነም f'(d) ≤ f'(c) ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ልዩነት ከመጀመሪያው አይበልጥም፤ ይህም f(x) + f(y) ≤ 2f(m) ማለት ነው። c እና d የት እንደሚወድቁ አስቀድመን ስለማናውቅ፣ ይህ ማረጋገጫ የሚቆመው ምልክቱ በመላው ኢንተርቫል ላይ ሲጸና ነው። ይህንን የሚጠራጠር ሰው 100 እና 160 ዲግሪን ወስዶ ይሞክር፦ የኮሳይኖቻቸው አማካይ −0.557 ገደማ ሲሆን የመካከላቸው የ130 ዲግሪ ኮሳይን ግን −0.643 ገደማ ነው። ኮንኬቭ ቢሆን ኖሮ የመካከሉ ዋጋ ከአማካዩ ማነስ አይችልም ነበር።

ደግሞስ ትክክለኛው መንገድ መች ከባድ ሆነ? በማንኛውም ጎነ ሦስት ቢያንስ ሁለት ዘዌዎች ከ90 ዲግሪ ያንሳሉ፤ እነርሱን A እና B እንበላቸው። በእነዚህ ሁለቱ መካከል f'' በእርግጥም ከዜሮ በታች ስለሆነ cos A + cos B ≤ 2 cos((A+B)/2) ብለን በሙሉ መብት እንጽፋለን። (A+B)/2 ደግሞ 90° − C/2 ስለሆነ የቀኙ ወገን 2 sin(C/2) ነው። s = sin(C/2) ብንል cos C = 1 − 2s² ይሆናል፤ ስለዚህ ድምሩ ከ1 + 2s − 2s² አይበልጥም፤ ይህም 3/2 − 2(s − 1/2)² ነው። ካሬ ከዜሮ ስለማያንስ ነገሩ አለቀ፤ C ቢሰፋም ቢጠብም ለውጥ የለውም። እኩልነቱ የሚገኘው s = 1/2፣ ማለትም C = 60° ሆኖ A እና B እኩል ሲሆኑ ብቻ መሆኑም ከዚያው ይነበባል። ተማሪዬ ነጥብ የተቀነሰባት ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው!

«መልሱ እስከ ተገኘ ድረስ ምን ያስጨንቃል?» ለሚሉኝ የዚያኑ ወረቀት ቀጣይ ጥያቄ አሳያለሁ። እዚያ tan A + tan B + tan C ≥ 3√3 በማንኛውም ጎነ ሦስት እንደሚሠራ ተጽፏል፤ ምክንያቱም የታንጀንት ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ 2 tan x sec² x «ፖዘቲቭ ስለሆነ» ነው ይላል። ሦስቱም ዘዌዎች ከ90 ዲግሪ ካነሱ አባባሉ ትክክል ነው። ከ90 በላይ ግን ታንጀንት ኔጌቲቭ ነው፤ 90 ላይ ደግሞ ጭራሽ ዋጋ የለውም። 120፣ 30 እና 30 ዲግሪ ያለውን ጎነ ሦስት ብንወስድ ድምሩ −0.577 ገደማ ይወጣል፤ 3√3 ግን ከ5 ይበልጣል። ያው ልማድ በመጀመሪያው ጥያቄ የተሳሳተ ማረጋገጫ ሰጠ፤ በሁለተኛው የተሳሳተ ውጤት። ወረቀቱን የሚያባዙት ሰዎች ሁለቱን ገጾች አርመው እንዲያወጡ፣ አራሚውም የቀነሰውን ነጥብ እንዲመልስላት እጠይቃለሁ።