የልዩነቱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የማይጠቅስ የናሙና ስሌት ሊጸድቅ አይገባም

የአንድን ሕክምና ወይም ሥልጠና ውጤት ለማወቅ እያንዳንዱን ተሳታፊ በፊትና በኋላ የሚለኩ ጥናቶች ለግምገማ ሲቀርቡ፣ ስለ ናሙና ብዛት የሚያወራው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት መስመር አይበልጥም። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይጠቀሳል፤ የምን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደሆነና ከየት እንደተገኘ ግን አይነገርም። የጥናቱ ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለው በዚህ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ያልተመለሱበት ፕሮቶኮል በገምጋሚዎች ሊጸድቅ አይገባም የሚል እምነት አለኝ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለ12 ሳምንታት በየቀኑ እንዲራመዱ ይደረጋል እንበል። የላይኛው የደም ግፊታቸው ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ይለካል። ተመራማሪዋ በአማካይ ቢያንስ የ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ለውጥ ካለ ሊያመልጣት አይገባም፤ ከዚያ ያነሰው ለሕመምተኛው ብዙም ትርጉም የለውም ብላ ወስናለች። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የኋላው ልኬት ከፊተኛው ሲቀነስ የሚገኙት ልዩነቶች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ 12 እንደሆነ ከቀደመ ሥራ ይታወቃል። የስሕተት ደረጃው በሁለት ወገን 5 በመቶ፣ ለውጡ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድሉም 80 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ከኖርማል ሥርጭት ሠንጠረዥ የሚወሰዱት ሁለት ቁጥሮች 1.96 እና 0.84 ናቸው። ስሌቱም እንዲህ ነው፦

n = ((1.96 + 0.84) × 12 / 5)² = 45.2

ሰው በክፍልፋይ ስለማይቆጠር ወደ ላይ ተጠጋግቶ 46 ጥንድ ይሆናል፤ ማለትም እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ የሚለኩ 46 ሰዎች ያስፈልጋሉ። እዚህ ላይ 12ቱ በትክክል ይታወቃል ብለናል። ትንተናው በተለመደው መንገድ፣ ከራሱ ከጥናቱ በተገመተ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በቲ-ቴስት የሚሠራ ከሆነ ሁለት ጥንድ ያህል ተጨምሮ 48 ይደርሳል። በቀመሩ ውስጥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም የሚፈለገው ለውጥም ስኩዌር ውስጥ ስለሚገቡ ትንሽ መዛነፍ ብዙ ሰው ያስከትላል፤ ተመራማሪዋ ከ5 ይልቅ የ2.5 ለውጥ ለማየት ብትፈልግ 46ቱ ወደ 181 ያድጋል።

አሁን በተደጋጋሚ ወደሚታየው ስሕተት እንምጣ። ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘግቡት የፊተኛውን ልኬት አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ከዚያም የኋለኛውን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። በምሳሌያችን ሁለቱም 16 ናቸው እንበል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ሰዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ያሳየው ለውጥ ከሰው ወደ ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በፊተኛውና በኋለኛው ልኬት መካከል ያለው ኮሪሌሽን ነው፦ የልዩነቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስኩዌር፣ የነጠላው ልኬት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስኩዌር በ2 ተባዝቶ፣ ከዚያም ከ1 ላይ ኮሪሌሽኑ ተቀንሶ በሚቀረው ሲባዛ ይገኛል። ኮሪሌሽኑ 0.72 አካባቢ ሲሆን 16ቱ 12 ይሆናል። ልክ 0.5 ሲሆን ሁለቱ እኩል ናቸው። ወደ 0.3 ሲወርድ ግን የልዩነቱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከነጠላው በልጦ ወደ 19 ይጠጋል።

ስለዚህ በ12 ፈንታ 16ን የተጠቀመ ሰው 81 ጥንድ ይጠይቃል፤ ይህም ያለ አስፈላጊነት 35 ተጨማሪ ሰዎችን ማድከም ነው። አንዳንዶች «ሲበዛ አይጎዳም» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ መብዛት አያደላም። ኮሪሌሽኑ 0.3 በሆነበት ሁኔታ ትክክለኛው ብዛት 113 ሆኖ ሳለ ያው 81 ይጻፋል፤ ጥናቱም ያለውን ለውጥ ሳያገኝ ሊጠናቀቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ኮሪሌሽን በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም፣ ወይም ልኬቱ ራሱ አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ ብዙ የሚዋዥቅ ሲሆን የሚጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩም ስሕተቱን አያርምም፤ በ R ውስጥ

```
power.t.test(delta = 5, sd = 12,
             power = 0.8, type = "paired")
```

ተብሎ ሲጻፍ sd የሚለው ቦታ የሚጠብቀው የልዩነቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ 16 ቢገባበት ግን ምንም ሳያስጠነቅቅ መልስ ይሰጣል።

ቁጥሩን ማግኘት አይቻልም የሚለው ሰበብም ብዙ ጊዜ አያስኬድም። የቀደመው ጽሑፍ የልዩነቱን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በግልጽ ባይጽፍም፣ የአማካይ ለውጡን የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከሰጠ ወደ ኋላ አስልቶ ማውጣት ይቻላል። ለምሳሌ 60 ሰዎች የተለኩበት ጥናት አማካይ ቅናሹ 4፣ ወሰኑም ከ1 እስከ 7 ነው ቢል፣ የወሰኑ ግማሽ 3 ነው። ይህ ለ2 ሲካፈል 1.5፣ በ60 ስኩዌር ሩት ሲባዛ ደግሞ 11.6 ይሆናል። ወደ 12 ከፍ አድርጎ መያዝ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይህን የሚያህል ስሌት በፕሮቶኮሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጽ ይችላል።

«ይታወቃል» የሚለው ቃል ግን ሊመዘን ይገባል። ያው 12 የተገኘው 10 ሰዎች ብቻ ከተለኩበት የሙከራ ጥናት ቢሆን፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ8.3 እስከ 21.9 ይዘረጋል። በታችኛው ጫፍ 22 ጥንድ ይበቃል፤ በላይኛው ጫፍ 151 ያስፈልጋል። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «46 ሰዎች» ብሎ መጻፍ ያልተገኘ እርግጠኝነት ማሳየት ነው። መለኪያው፣ የሰዎቹ ዓይነትና በልኬቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ከአዲሱ ጥናት ጋር ካልተመሳሰሉም ቁጥሩ የተወሰደበት ጥናት ትልቅ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ሳምንት ልዩነት የተገኘ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለ12 ሳምንት አይበደርም።

ከዚህ በተጨማሪ፣ ለሁለተኛው ልኬት ያልመጣ ሰው ግማሽ መረጃ አይደለም፤ ለዚህ ትንተና ጥንዱ በሙሉ ይጠፋል። 15 በመቶው ይቀራል ተብሎ ከተገመተ 48ቱ ለ0.85 ተካፍሎ 57 ሰዎች መመዝገብ አለባቸው። በ48 ላይ 15 በመቶ መጨመር በቂ አይደለም፤ እንደዚያ ተደርጎ ከተመዘገቡት 56 ሰዎች 15 በመቶው ሲቀሩ የሚተርፉት 48 አይሞሉም።

ቁጥሩ በትክክል ቢሰላም ሊያስተካክለው የማይችል ነገር አለ። ሰዎቹ የተመረጡት ግፊታቸው በመጀመሪያው ልኬት ከፍ ብሎ ስለተገኘ ከሆነ፣ ከፊሎቹ በዚያ ቀን በአጋጣሚ ከወትሮው ከፍ ብሎባቸው የነበሩ ናቸው፤ ምንም ሳይደረግላቸውም በሁለተኛው ልኬት አማካዩ ይወርዳል። ናሙናው ሲበዛ ይህ ቅናሽ አይጠፋም፤ እንዲያውም ይበልጥ እርግጠኛ መስሎ ይታያል። መፍትሔው ያልተራመደ ማነጻጸሪያ ቡድን ማካተት ነው። ያን ጊዜ የሚነጻጸረው የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ለውጥ ስለሚሆን፣ ያው 12ና ያው 5 እንዳሉ ሆነው በእያንዳንዱ ቡድን 91፣ በድምሩ 182 ሰዎች ያስፈልጋሉ።