አምስት በመቶ ለሁሉም

በአሜሪካ ገበያ በስልካቸው አክሲዮን የሚገዙ ወገኖቻችን ፍትሐዊነታቸው ያስቀናል። ኮካኮላም ሆነ ቴስላ ሲገዙ ስቶፑን፣ ማለትም ዋጋው እዚያ ድረስ ሲወርድ አክሲዮኑ እንዲሸጥ የሚያዘውን ትእዛዝ፣ ከገዙበት ዋጋ 5 በመቶ ዝቅ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ለማንም አያዳሉም። ለአባትም ለሕፃንም 42 ቁጥር ጫማ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለውን እኩልነት የሚረዳው።

ዌልስ ዋይልደር የሚባል ኢንጂነር በ1978 እ.ኤ.አ. ይህን እኩልነት ሊያደፈርስ ተነሣ። አንድ አክሲዮን በቀን በአማካይ ስንት ዶላር እንደሚወዛወዝ የሚለካ ኤቲአር የተባለ ነገር አመጣ። የዕለቱ ከፍተኛ ዋጋ ከዝቅተኛው ይቀነሳል፤ ትናንት ከተዘጋበት እስከ ዛሬው ጫፍ ያለው ርቀት ከበለጠ ግን እሱ ይያዛል፣ ሌሊት የዘለለው እንዳይረሳ። ከዚያ የ14 ቀን አማካይ ይወጣል፤ ስቶፑም ከዋጋው የዚህን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይርቃል። ሥራ ፈት!

ሁለት አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ናቸው እንበል። የረጋው ኤቲአሩ 1.20፣ የዘላዩ 4.50 ዶላር ነው። ጀግናችን ሁለቱንም 95 ላይ አጠረ። ዘላዩ እንደ ልማዱ ሲንጎራደድ ማክሰኞ 94.80 ነካ፣ ተሸጠ፤ ሐሙስ 104 ገባ። «ስቶፔን አይተው ነው የመቱኝ!» አለ። ዎል ስትሪት ሥራውን ሁሉ ትቶ የእሱን ጥቂት አክሲዮን ሲያደባ ማደሩ መቼም ትልቅ ክብር ነው።

በሦስት እጥፍ ቢያሰላ ስቶፖቹ 96.40 እና 86.50 ይሆኑ ነበር። የሚያስደነግጠው የሁለተኛው ርቀት ነው፤ መድኃኒቱም መግዣው ላይ ነው። በአንድ ግዢ ከ270 ዶላር በላይ ላለመክሰር የቆረጠ ሰው 270ን ለርቀቱ ያካፍላል፦ ከረጋው 75፣ ከዘላዩ ግን 20 አክሲዮን ብቻ ይገዛል። ጀግናችን ኤቲአርን በሰማ ማግስት ዘላዩን በ100 ዶላር መልሶ ገዛ፤ ስቶፑን አራቀና ብዛቱን 75 ላይ ተወው። ማካፈል የድሃ ሥራ ነው።

በዚህ አላበቃም። ዘላዩ ወደ 90 ሲወርድ ውዝዋዜው ስለጨመረ ኤቲአሩ 6 ደረሰ። ዋጋ ሲወጣ ስቶፑ ተከትሎ ይወጣል እንጂ አንዴ ከተቀመጠበት አይወርድም፤ ይህ ግን ለተራ ሰው ነው። እሱ ከመግዣው ከ100 ወደ ታች 18 ዶላር ቆጥሮ ስቶፑን ከ86.50 ወደ 82 አወረደው። «ከገበያው ጋር መላመድ ይሉሃል!» ሲል ኮራበት።

በዚያው ማታ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ገበያ ከተዘጋ በኋላ አወጣ። ጠዋት አክሲዮኑ 70 ላይ ተከፈተ። ስቶፕ ዋጋው ሲደርስ እንዲሸጥ ያዛል እንጂ በዚያው ዋጋ ገዢ አያዋልድምና፣ 82 የተባለው በ70 ተሸጠ። 2,250 ዶላር ተሸኘ።

እሱም ጊዜ አላጠፋም፤ «ኤቲአር ለምን አይሠራም» የሚል የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ ለቀቀልን።