ማስተካከያ፦ ዝናብ ሲጥል የኳስ ሜዳ ቀብድ ይመለሳል ስለተባለው

«ጅማ ውስጥ ሜዳ ይዘን ዝናብ ከጣለ ቀብዳችን በሙሉ ይመለስልናል።» ሰሞኑን እጅ በእጅ የተቀባበልነው መልእክት ነው።

ልክ አይደለም። መልእክቱ የሚያወራለት ሜዳ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የታተመው ደንብ ሌላ ይላል፤ የሜዳው ተቆጣጣሪም ያንኑ ነው የነገረን። ጨዋታ በዝናብ ተሰርዟል ማለት የሚችለው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ያኔም ብሩ አይመለስም፤ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል። ካፊያ አይታችሁ ከቤት ከቀራችሁ ግን ቀብዱ ቀለጠ።

ተቆጣጣሪው የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን ሳሩን ነው። ኳሷን መሬት ለመሬት ይገፋታል። ውሃ አቁሮ መሃል ላይ ቀጥ ካለች ጨዋታ የለም። መብረቅ ካለ ደግሞ ሳሩ ደረቅ ቢሆንም ሁሉም ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። ለምሳሌ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ሰው በሚሻማበት ሰዓት፣ በ1,200 ብር ያዛችሁ እንበል። ቀብዱ ግማሹ፣ 600 ብር ነው። ዝናቡ አሰረዘውና ጠዋት ወዳለው የ800 ብር ሰዓት ከዞራችሁ 200 ብር ብቻ ትጨምራላችሁ። የጠዋቱን በ400 ብር ቀብድ ይዛችሁ ወደ ምሽት ከተዛወራችሁ ግን ቀሪው 800 ብር ነው። የሚታሰበው የምትጫወቱበት ሰዓት ዋጋ ነዋ!

መልእክቱን አምናችሁ የቀራችሁ ቀብዱን መጠየቅ አትችሉም። ለክረምቱ ሜዳ የያዛችሁ ግን ዝናብ ከጣለ ሰዓቱ ሳይደርስ ለተቆጣጣሪው ደውሉና መሰረዙን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንድ መስመር የስልክ መልእክት ይበቃል።