ኪራዩ ባለበት ቆመ፣ ቤቱስ የት ገባ?

«መንግሥት ኪራይ እንዳይጨመር ከከለከለ ተከራይ ነው የሚጠቀመው፤ ታዲያ ቤት መፈለግ ለምን ከበፊቱ ባሰ?» ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠየቀችኝ።

ቤት ውስጥ ያለው ተከራይ ይጠቀማል፣ እውነት ነው። የሚጎዳው ገና ቤት የሚፈልገው ነው። ያደግኩት የቀበሌ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህን ከመጽሐፍ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን ወርሶ አነስተኛ ኪራዮችን ቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ለአስርት ዓመታት ያው ሆኖ ቀረ። እኛ በወር የምንከፍለው አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም ነበር። ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፣ እናቴ በዚያ ኪራይ ነው ያሳደገችን። ግን በዚያ ገንዘብ ቀበሌው ምን ሊጠግን ይችላል? ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሳፋና ባልዲ እንደረድራለን፣ የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ይሸረሸራል፣ ራሳችን እንጠግን ስንል ደግሞ ፈቃድ አምጡ እንባላለን። ቤቱን ማንም አይለቅም። ልጅ ያገባና እዚያው በቆርቆሮ ከልሎ ይኖራል። ሌላው ደባል ያስገባና እሱ ለቀበሌ የሚከፍለውን ብዙ እጥፍ ይቀበላል። ቤት ሊለቅ የሚፈልግም የቁልፍ ገንዘብ ይጠይቃል። እንግዲህ ኪራዩ ወረቀት ላይ ርካሽ ነበር፣ ውጭ ላለው ሰው ግን ቤቱ በዚያ ዋጋ አይገኝም።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን አዟል። ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚወስነው ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹን እደግፋለሁ። በየሦስት ወሩ «ወይ ጨምር ወይ ውጣ» መባል ሰው ልጁን ትምህርት ቤት እንዳያስገባ ያደርጋል። የሚያሳስበኝ የመጨረሻው፣ የዋጋ ጣሪያው ነው።

እንበል አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አላቸው፣ እያንዳንዱን በ6,000 ብር ያከራያሉ። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ጤፉ በዓመት 25 በመቶ ይጨምራል፣ ኪራዩ ግን ከ10 በመቶ በላይ አይጨመርም ተባሉ። ከዓመት በኋላ የሚቀበሉት 6,600 ነው፣ የመግዛት አቅሙ እንዳይወርድ 7,500 መሆን ነበረበት። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ክፍሎቹ እዚያው ናቸው፣ ተከራዮቹም። ለዚህ ነው ጣሪያ ሲጣል የመጀመሪያው ዓመት የተሳካ የሚመስለው። ችግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። አንዱ ተከራይ ሲወጣ ክፍሉን ለወንድማቸው ልጅ ይሰጡታል፣ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ያደርጉታል። ሊሠሩት ያሰቡትን ሦስተኛ ክፍል ይተዉታል። ያልተሠራ ክፍል ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ያከራያሉ ቢባል እንኳ፣ ወደፊት መጨመር አይቻልም ብሎ የሰጋ አከራይ ገና ሲጀምር አስወድዶ ይጠራል። ወይም ውሉ ላይ ስምንት ሺህ ይጻፍና ተጨማሪ አምስት ሺህ በእጅ ይሰጣል። በዋጋ መምረጥ ሲከለከል ሰው በሌላ ነገር ይመረጣል፦ ልጅ ያለው አይሆንም፣ ወንደላጤ አይሆንም፣ ተያዥ አምጣ። አሥር ሰው ለአንድ ክፍል ሲሰለፍ አከራዩ ለመምረጥ አይቸገርም፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ከፍ ያደርጋል። በአንድ ሰፈር የዋጋ ጣሪያው እየጎዳ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እነዚህን ይመልከት፣ የተመዘገበውን ኪራይ አይደለም። ጣሪያው ከገበያው ዋጋ በላይ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱም አይመጣም፣ ማንንም አይነካምና።

ወለሉም፣ ማለትም ዝቅተኛ ዋጋ መወሰን፣ በተቃራኒው ይሠራል። የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ የነበረው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ለገበሬዎቹ የቅቤ ዋጋ ከዚህ አይወርድም ብሎ ዋስትና ሰጠ። ገበሬው ብዙ አመረተ፣ ሸማቹ መግዛት ቀነሰ፣ ትርፉን መንግሥታት ገዝተው መጋዘን አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተከማቸው ቅቤ ከ1 ሚሊዮን ቶን አለፈ። ምርቱን ለመገደብም እ.ኤ.አ. በ1984 ወተት በኮታ ተደረገ። እነሱ ገዝቶ የሚያስቀምጥ በጀት ነበራቸው። ገዢ ሳይኖር ወለል ብቻ ቢታወጅ ምርቱ ገበሬው ጎተራ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ለባልደረባዬ ያልኳት ይህንን ነው። የሁለት ዓመቱ ውልና የቅድሚያ ክፍያው ገደብ ይቆይ። ጭማሪው የኑሮ ውድነቱን ይከተል፣ መክፈል ለማይችለው ተከራይ ደግሞ መንግሥት ራሱ ይደጉም፣ ሸክሙን ሁለት ክፍል ባላቸው እናት ላይ አይጣል። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል መጨመር ለሚፈልግም ፈቃዱ በወራት ሳይሆን በቀናት ይሰጠው። እሷ አሁንም ቤት እየፈለገች ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት።