«ልቤን» ስትል እጇ የት ነው?

«እናቴን ክሊኒክ ልወስዳት ነው። ‹ልቤን ያመኛል፣ ያዞረኛል› ትላለች። ፎርሙን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልሙላው?»

እስክሪብቶውን አስቀምጠሽ መጀመሪያ «እማዬ፣ እስቲ በእጅሽ አሳዪኝ» በያት። በእኛ አፍ «ልቤን» ደረትም ነው፣ ጨጓራም ነው። እጇ ያረፈው የደረቷ መሀል ላይ ከሆነ «ቸስት» ብለሽ ጻፊ፤ ከደረቷ በታች ከሆነም ቦታውን እንዳለ ግለጪ። «ሃርት ፔይን» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ እሱ ገና ያልተመረመረ ነገር ነው። ቦታው ዝቅ ስላለ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ብለሽ አትገላገዪው። የልብ ሕመም እንደ ቃር እያቃጠለ የሚመጣበት ጊዜ አለና።

ቀጥሎ ሕመሙ ምን እንደሚመስል ጠይቂያት። እናትሽ «ጭብጥ አርጎ ይይዘኛል፣ ደረጃ ስወጣ ይብሳል፣ ቁጭ ስል ይተወኛል» ካለች፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጭብጡን «ስኩዊዚንግ» በይው። «ፕሬሸር» ብትዪም ስህተት አይደለም፣ ግን ለብቻው ከተጻፈ የደም ግፊት ሊመስል ይችላል። ደረጃውንና ቁጭ ማለቱንም እንዳትዘዪ፤ በሥራ የሚመጣና በእረፍት የሚለቅ ሕመም ልብን ያስጠረጥራል። ትንፋሽ ስትስብ የሚወጋት ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ውጋት ብለሽ ለይተሽ ጻፊው።

«ያዞረኛል» ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ቤቱ ሲሽከረከር ነው፤ እሱን «ቨርቲጎ» ይሉታል፣ ብዙ ጊዜም ከውስጠኛው ጆሮ ይነሳል። ሌላው ስትነሳ ጭው ብሎ ዓይን የሚያጨልመው፣ «ልወድቅ ነው» የሚያሰኘው ነው። ይሄኛው «ላይትሄድድ» ነው፤ ከደረት ሕመም ጋር ሲመጣ የበለጠ ያሳስባል። «ዲዚ» ብቻ ከጻፍሽ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እኔ ራሴ አንዴ የአክስቴን «ራሴን ያዞረኛል» ራስ ምታት ብዬ ሞልቼዋለሁ። ሐኪሙ ስለ ራስ ምታት ሲጠይቃት «ማን አለ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀመረኝ» ካለች ፎርሙ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 3 ሰዓት ነው። 9 ብለሽ ካሰፈርሽው 6 ሰዓት ተዛባ። የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንም ላያሳይ ስለሚችል ይደገማል። ሐኪሙ ደግሞ የሚቆጥረው ሕመሙ ከጀመረበት ነው።

ስለዚህ የእናትሽ ፎርም እንዲህ ይነበብ፦ የደረት መሀል፣ የሚጨብጥ፣ ሌሊት 3 ሰዓት የጀመረ፣ ደረጃ ስትወጣ የሚብስ፣ ስታርፍ የሚለቅ፤ ስትነሳ ዓይኗን ያጨልማታል። በዳር በኩል የራሷን ቃል በአማርኛ አስፍሪው፤ አስተርጓሚ ከመጣ ያየዋል።

ይህ ሁሉ አሁን ሕመሙ ከለቀቃት ነው። እየጨበጣት ወይም እያላባት ከሆነ ፎርሙን ተይው፤ እንግዳ ተቀባይዋን «ቸስት ፔይን፣ አሁን» በያት።