50 ጨምሮ 50 ሲቀንስ ሩቡ የት ይገባል?

“አንድ ዕቃ በ50 በመቶ ጨመረ፣ ቀጥሎ በ50 በመቶ ቀነሰ። ታዲያ ዋጋው ለምን ወደ ነበረበት አይመለስም?” ሲል አንድ አንባቢ ጠይቆኛል።

ሁለቱ ሃምሳዎች በስም እንጂ በመጠን አንድ አይደሉም። 2,000 ብር የሚሸጥ ጫማ እንውሰድ። ሲጨምር ሃምሳው የሚሰላው ከ2,000 ነው። 1,000 ብር ይጨመርና ጫማው 3,000 ይገባል። ሲቀንስ ግን ሃምሳው የሚሰላው አሁን ካለበት ዋጋ፣ ከ3,000 ነው። የዚህ ግማሽ 1,500 ነው። 1,000 የወጣው ዋጋ 1,500 ወርዶ 1,500 ብር ላይ ቀረ ማለት ነው። መነሻው ተቀይሯል።

ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውም ያው ነው። 2,000 መጀመሪያ በግማሽ ቀንሶ 1,000 ይሆናል። ከዚያ የ1,000 ግማሽ ሲጨመርበት እንደገና 1,500። በመቶኛ የሚደረግ ለውጥ በውስጡ ማባዛት ነው። በ50 በመቶ መጨመር በ1.5 ማባዛት ነው፤ በ50 በመቶ መቀነስ በ0.5 ማባዛት። 1.5 በ0.5 ሲባዛ 0.75 ይመጣል፤ ከመነሻው ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። በማባዛት ደግሞ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ አይለወጥም።

ጫማው ከ3,000 ወደ 2,000 እንዲመለስ የሚያስፈልገው ቅናሽ 33.3 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሸማች ቢይዘው ጥሩ ነው። አንድ ሱቅ ዋጋውን በ50 በመቶ ሰቅሎ ሲያበቃ “የ30 በመቶ ቅናሽ” ብሎ ቢለጥፍ፣ ጫማው 2,100 ብር ነው። ከድሮው አሁንም በ100 ብር ይበልጣል።

ለውጡ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም። 2,000 ብር በ1 በመቶ ጨምሮ በ1 በመቶ ቢቀንስ የሚጎድለው 20 ሳንቲም ነው። ማን ይቆጥረዋል? ችግሩ በትንሹ የለመድነውን ይዘን ትልቁ ላይ መድረሳችን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ምሳሌ የብራችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57.48 ብር የነበረው ዶላር 74.73 ብር ሆነ። ያኔ “ብር በ30 በመቶ ወደቀ” ተብሎ ተዘገበ። ይህ ስህተት ነው። በ30 በመቶ የተወደደው ዶላር ነው። የብሩን ለማወቅ ከብሩ ወገን መቁጠር አለብን። በ1,000 ብር ከዚያ ቀን በፊት 17.40 ዶላር ይገኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 13.38። ብር የወረደው በ23 በመቶ ገደማ ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች ቦታ አላቸው። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ለአንድ ዶላር የሚከፍለው በ30 በመቶ ጨምሮበታል። ከዋሽንግተን 100 ዶላር የተላከላት እናትም በእጇ የሚገባው ብር በዚያው ልክ ይጨምራል። በባንክ ብር ያስቀመጠ ሰው ግን በዶላር ሲለካ ያጣው 23 ነው። ለዚህ ሰው 30 ብሎ መንገር ከደረሰበት በላይ ማስደንገጥ ነው።

ዶላር በማግስቱ በ30 በመቶ ቢረክስስ? ብዙ ሰው “ወደ ድሮው ተመለስን” የሚል ይመስለኛል። ግን 74.73 በ30 በመቶ ሲቀንስ 52.31 ነው። ከ57.48 ብዙ ወርዷል።

በኋላ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ነገሩ ባሰ። “ብር ከመቶ ፐርሰንት በላይ ወደቀ” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስህተቱን በቀላሉ የምንለይበት ምልክት ይህ ነው። አንድ ገንዘብ በ100 በመቶ ወደቀ ማለት ምንም አይገዛም ማለት ነው። ከዚያ በታች መውረጃ የለም። ዶላር ከ57.48 ተነስቶ እጥፍ፣ 114.96 ብር ሲሆን በ100 በመቶ ተወደደ እንላለን፤ ብር ደግሞ በ50 በመቶ ወደቀ። ይህ ብር ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ ቢባል በ50 ሳይሆን በ100 በመቶ መጠንከር ይኖርበታል። ጫማው ላይ ያየነው ነገር እዚህም አለ፤ ከግማሽ ተነስቶ ሙሉ ለመሆን እጥፍ ማደግ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምንዛሪ ዜና የሚጽፉ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመቶኛውን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቱን ዋጋዎች አስቀምጡልን፦ 57.48 ነበር፣ 74.73 ሆነ። ከዚያ የማን ለውጥ እንደሆነ፣ የዶላር ወይስ የብር፣ በስሙ ጥሩት። አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው፤ አንባቢውም ስልኩ ላይ ባለው ካልኩሌተር ራሱ ማረጋገጥ ይችላል።